እውነት ወይስ ተረት? ከአዲስ አበባ የመጣው የሥራ መልእክት

«ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ግንባር ቀደም የግል ባንክ ቺፍ ኢንፎርሜሽን ኦፊሰር ይፈልጋል። የሥራ ልምድዎን አይተን ለቦታው ተመራጭ እንደሆኑ አምነንበታል። ጥቅማጥቅሙ ለዲያስፖራ ባለሙያ የሚመጥን ነው። አገርዎን ለማገልገል ፈቃደኛ ከሆኑ ሲቪዎን በአስቸኳይ ይላኩልን።»

በሊንክድኢን ወይም በቴሌግራም እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ የብዙ ሰው ልብ ይነሣል። መልእክቱ ግን የባንኩን ስም፣ የደመወዙን መጠንና የገንዘቡን ዓይነት፣ የውሉን ዘመንና መልማዩን ማን እንደወከለው አይናገርም። ይህን ክፍተት ተቀባዩ በሰርግና በቡና ላይ በሰማው ይሞላዋል፤ ቤቱን ሸጦ ልጆቹን ይዞ ከገባ በኋላ ያልጠበቀው ነገር የሚገጥመውም በዚሁ ክፍተት በኩል ነው።

ለማስረዳት አንዲት ባለሙያ እናስብ። ሜሪላንድ ትኖራለች፤ በአንድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ክፍል ትመራለች፤ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳለች፤ ለቤቷ ዕዳ በየወሩ 2,600 ዶላር ትከፍላለች። ባለሙያዋና የቤት ዕዳዋ ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው። ሕጉና የግብር ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው።

ተረት 1፦ «መልእክቱ ከደረሰኝ ተመርጫለሁ ማለት ነው»

እውነታው፦ ፍለጋው ገና እየተጀመረ ነው። መልማይ ለአንድ ቦታ በመጀመሪያ ረጅም የስም ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ከዚያ ለሚያናግራቸው ይጽፋል፤ ለአሠሪው የሚያቀርበው ከነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹን ነው። «ተመራጭ» የሚለው ቃል በዚህ ደረጃ ከሰላምታ የዘለለ ትርጉም የለውም።

ከዚህ ይልቅ ማወቅ የሚጠቅመው መልማዩ ምን ዓይነት መልማይ እንደሆነ ነው። አንዱ ከአሠሪው ጋር ለዚህ ቦታ ብቻ ውል ፈርሞ፣ ክፍያውን ሥራው እየገፋ ሲሄድ በየደረጃው የሚቀበል ነው። ሁለተኛው ያቀረበው ሰው ሲቀጠር ብቻ የሚከፈለው ነው፤ ለዚያው ቦታ ሌሎች መልማዮችም አብረውት ሊሯሯጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ከማንም ጋር ውል የለውም፤ ሲቪ ሰብስቦ ወደ ባንኮች ይሄድና «እነዚህን ሰዎች ማቅረብ እችላለሁ» ይላል። የሦስቱም መልእክት በአጻጻፉ አይለይም።

ልዩነቱ የሚወጣው ሲጠየቁ ነው። ውል ያለው መልማይ ቦታው አዲስ ይሁን ወይም ሰው የለቀቀበት፣ ኃላፊው ለማን ተጠሪ እንደሚሆን፣ ውሳኔው በፕሬዚዳንቱ ይሁን በቦርዱ እንደሚያልቅ ያውቃል። የባንኩን ስም በመጀመሪያው መልእክት ላይ ላይጽፍ ይችላል፤ በቦታው ላይ ያለው ሰው መተካቱን ገና ካልሰማ ይህ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በስልክ ሲነጋገሩ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ከተገባለት በኋላም ስሙን መናገር ካልቻለ ግን ውል የለውም ብሎ ማሰብ ይቀላል።

ሲቪውን በችኮላ መላክ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የአዲስ አበባ የባንክ ሰዎች ክበብ ጠባብ ነው። አንድ ሲቪ በሁለት መልማዮች በኩል አንድ ባንክ ቢደርስ ሁለቱም የአቅራቢነት ክፍያ ይጠይቃሉ። ባንኩም ከክርክሩ ለመሸሽ ዕጩዋን ሊተዋት ይችላል። ስለዚህ ሲቪው ሲላክ «ያለ እኔ የጽሑፍ ፈቃድ ለማንም አይተላለፍ» የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል። በሦስቱም ዓይነት ክፍያውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከሥራ ፈላጊዋ ለምዝገባም ሆነ «ለሂደት ማስፈጸሚያ» ገንዘብ የሚጠይቅ መልማይ ሲያጋጥም ንግግሩን እዚያው ላይ ማቆም ነው።

ተረት 2፦ «በዶላር ተነግሮኛል፤ በዶላር አገኛለሁ»

እውነታው፦ የአገር ውስጥ ባንክ ለሠራተኛው የሚከፍለው በብር ነው። መልማዩ «ወደ 7,000 ዶላር ገደማ» ሲል በዕለቱ ምንዛሪ ያሰላውን እየተናገረ ነው፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ግን የብሩ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ከዚያ ዕለት በፊት በ400,000 ብር የተፈረመ ውል በወቅቱ 7,000 ዶላር ያህል ነበር። ዶላሩ 114 ብር በገባ ጊዜ ግን 3,500 ዶላር ገደማ ሆነ። ከውሉ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ አሠሪውም ቃሉን አላጠፈም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁጥሩ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ እርከን ላለ ሰው ቀላሉ ስሌት ጠቅላላ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። በ400,000 ብር ላይ ግብሩ 137,950 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 28,000 ብር ነው። በእጅ የሚገባው 234,050 ብር ብቻ ነው።

አሁን የባለሙያዋን የቤት ዕዳ እናምጣ። 234,050 ብር በዚያው በ114 ብር ተመን ሲካፈል 2,053 ዶላር ይሆናል። የሜሪላንዱ ዕዳ ደግሞ 2,600 ዶላር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከፍተኛ የሚባለው ይህ ደመወዝ አንዲት ሳንቲም ሳይነካ በሙሉ ቢላክ እንኳ የአሜሪካውን ቤት አይከፍልም። መላኩም ቢሆን በፈለጉት ቀንና መጠን የሚደረግ አይደለም፤ ብርን ወደ ውጭ ምንዛሪ ቀይሮ ከአገር ማስወጣት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ነው። ስለዚህ «ደመወዙ ጥሩ ነው ወይ?» ከሚለው በፊት «በዶላር የቀረብኝን ዕዳ ከምን እከፍላለሁ?» የሚለው መመለስ አለበት። መልሱ ቤቱን ማከራየት፣ መሸጥ ወይም የትዳር ጓደኛ ገቢ ሊሆን ይችላል። ብቻ ከአዲስ አበባው ደመወዝ መሆን የለበትም።

በድርድር ላይ ይህ በሁለት መስመር ሊስተካከል ይችላል። አንደኛው «የተጣራ» የሚለው ቃል ነው። ባንኩ 400,000 ብር የተጣራ እንዲከፍል ቢስማማ፣ በዚያው ስሌት ጠቅላላ ደመወዙ ወደ 686,000 ብር ይደርሳል። አሠሪው በቃል በቀላሉ እሺ ብሎ በጽሑፍ የሚያፈገፍገውም ለዚህ ነው፤ ቃሉ በየወሩ 286,000 ብር ያወጣል። ሁለተኛው፣ ደመወዙ የምንዛሪ ተመን ከተወሰነ መጠን በላይ ሲለወጥ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ እንደገና እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ቅብጠት ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ያለ እሱ መፈረም ጥንቃቄ ማጣት ነው።

ተረት 3፦ «ዜግነት ስለቀየርኩ እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ»

እውነታው፦ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ባለሙያዋ ስለዚህ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ናት። ነገር ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው፣ መንገዱን ይከፍትላታል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ያለ ሥራ ፈቃድም መቀጠር ይችላል። የውጭ ዜጎችን ከጡረታ የሚያገልለው ክልከላም አይመለከተውም።

ካርዱ የማይከፍታቸው በሮችም አሉ። በአገር መከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ፖለቲካ ነክ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር አይፈቅድም፤ መምረጥና መመረጥም አይቻልበትም። የተጠየቀው ቦታ ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ከሆነ የመልማዩ ቀና ፍላጎት ለውጥ አያመጣም።

የባንክ ቦታ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለው፤ መልማዮች ብዙ ጊዜ የማያነሡትም ይህን ነው። የባንክ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ ሹመት የብሔራዊ ባንክን ይሁንታ ይጠይቃል። ቦርዱ ወስኖ፣ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ግብዣ ተበልቶ ሳለ ይሁንታው ገና በጥያቄ ላይ ሊሆን ይችላል። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይመረመራል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዲግሪ ደግሞ በቀላሉ ታትሞ የሚቀርብ ወረቀት አይደለም። ሰነዱ በወጣበት ስቴት፣ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል እየተረጋገጠ ይመጣል። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጀመረው የቅጥር ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ቢሆን ይሻላል። ሜሪላንድ ላይ ሥራ መልቀቅ ያለበት ደግሞ ይሁንታው በእጅ ከገባ በኋላ ነው። «መጥተው ይጀምሩ፤ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል አሠሪ አደጋውን ሙሉ በሙሉ ወደ ባለሙያዋ እያሻገረ ነው።

ዜግነቱን ያልቀየረና ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ቢጫ ካርድ አያስፈልገውም፤ ኢትዮጵያዊ ነው። የሱ ሥጋት በሌላው ወገን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ከራቀ በግሪን ካርዱ ብቻ መመለስ አይችልም። እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የዳግም መግቢያ ፈቃድ አለ፤ ማመልከቻው ግን ሰውየው አሜሪካ ምድር ላይ እያለ መግባት አለበት። ቦሌ ከደረሱ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ተረት 4፦ «የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ስላለ በዘፈቀደ አያባርሩኝም»

እውነታው፦ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ከውጭ የሚመለሱ ባለሙያዎች የሚጠሩት በአብዛኛው ለመሪነት ቦታ ስለሆነ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው ብዙ ጥበቃ ይሰጣል፤ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የሥራ ስንብት ክፍያ ይሰጣል። አዋጁ ግን «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የሥራ መሪ ማለት የአስተዳደር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ቺፍ ኢንፎርሜሽን ኦፊሰር በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባል።

ለሥራ መሪ የሚያገለግለው የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፈረመው ውል ነው። በአዋጁ ላይ ተመሥርቶ የስንብት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። አንድ መካከለኛ ሠራተኛ ያለ ድርድር የሚያገኘውን ጥበቃ የሥራ መሪው በውሉ ውስጥ ራሱ ማስጻፍ አለበት።

በምሳሌያችን ይህ ምን እንደሚመስል እንይ። ባለሙያዋ በመስከረም ሥራ ትጀምራለች፤ ልጆቿን በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አስመዝግባ የዓመቱን ክፍያ ትከፍላለች። በጥር የባንኩ ባለአክሲዮኖች ስብሰባ አዲስ ቦርድ ይመርጣል። አዲሱ ቦርድ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ያመጣቸውን ሰዎች ሊያነሣ ይፈልጋል። ውሏ ሁለት ገጽ ሆኖ «በባንኩ የውስጥ ደንብ መሠረት» ብቻ የሚል ከሆነ ቅሬታዋን የምታስደግፍበት ጠንካራ ነገር አይኖራትም። ውሉ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ወይም በምትኩ የስድስት ወር ደመወዝ፣ የትምህርት ክፍያውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ የቤተሰቡን የመመለሻ ቲኬትና የዕቃ ማጓጓዣ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት ወጪውን ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ውል ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ያስቀረዋል።

የውስጥ ደንቡንም ከመፈረም በፊት ተቀብሎ ማንበብ ይገባል። ውሉ ወደ ደንቡ የሚመራ ከሆነ ደንቡ የውሉ አካል ነው፤ «ሲመጡ ያዩታል» የሚል መልስም ተቀባይነት የለውም።

ተረት 5፦ «ከአሜሪካ ከወጣሁ ግብሩም ቀረ»

እውነታው፦ የአሜሪካ ዜጋና የግሪን ካርድ ባለቤት የትም ቢኖር በየዓመቱ ለአሜሪካ መንግሥት የግብር ማስታወቂያ ያስገባል። ማስገባትና መክፈል ግን የተለያዩ ናቸው። ውጭ አገር ለሚሠራ ሰው ከገቢው የተወሰነውን ከግብር ውጭ የሚያደርግ ደንብ አለ፤ ጣሪያው ለ2025 እ.ኤ.አ. 130,000 ዶላር ነው። የባለሙያዋ የዓመት ደመወዝ 4.8 ሚሊዮን ብር፣ በ114 ሲሰላ 42,100 ዶላር ገደማ ስለሆነ ከጣሪያው በጣም ዝቅ ይላል።

ይህን ለማግኘት ከሚያገለግሉት መመዘኛዎች አንዱ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ መገኘት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቤት ለመሸጥ፣ ልጅ ለማስመረቅ ወይም የታመመ ወላጅ ለመጠየቅ እየተመላለሱ ከ35 ቀናት በላይ አሜሪካ ያሳለፉ ሰዎች በዚህ መመዘኛ ላያልፉ ይችላሉ። ያኔም ቢሆን ለኢትዮጵያ የተከፈለው የደመወዝ ግብር ከአሜሪካው ላይ ሊቀናነስ ስለሚችል፣ ከባንኩ የግብር ክፍያ ማረጋገጫ በየዓመቱ መቀበል ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ሒሳቦቿ ያለው ገንዘብ በድምሩ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ሌላ የማሳወቂያ ቅጽ አለ፤ ይህኛው ገንዘብ ባይከፈልበትም አለማሳወቁ ቅጣት ያስከትላል።

የሚረሳው ትልቁ ነገር የአሜሪካ ጡረታ ነው። ለጡረታው ብቁ ለመሆን 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ አሥር የሥራ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ ዘመንን የሚያገናኝ ስምምነት የላቸውም፤ በአዲስ አበባ ባንክ የተሠራ ዓመት በአሜሪካ በኩል አይቆጠርም። ስምንት ዓመት የሠራ ሰውና አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት ቢደርሳቸውም አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ መድረስ የለባቸውም።

ተረት 6፦ «ጥያቄ ካበዛሁ ዕድሉ ያመልጠኛል፤ ገንዘብ ካነሣሁም አገር ወዳድ አልባልም»

እውነታው፦ ቦታው የእውነት ካለ ጥያቄው አያጠፋውም። ከፍተኛ ኃላፊ የሚፈልግ አሠሪ ወራት የሚወስድ ሥራ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል የመልማዩ ችኮላ ነው። አገርን የማገልገል ፍላጎትም ከውል ጋር አይጣላም። ያለ በቂ ውል የመጣ ባለሙያ በስድስት ወር ተመልሶ ሲሄድ ባንኩ የጀመረው ሥርዓት ይቆማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከውጭ ሰው ለማምጣት የሚደፍርም ይጠፋል። በደንብ መደራደር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ስለዚህ ለመልእክቱ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ አጭር፣ ጨዋና ግልጽ ሊሆን ይችላል፦

«ስለ መልእክትዎ አመሰግናለሁ፤ ቦታው ይስበኛል። ሲቪዬን ከመላኬ በፊት ጥቂት ነገር ባውቅ ደስ ይለኛል። ባንኩ ፍለጋውን በጽሑፍ ለእርስዎ ሰጥቷል? ቦታው ለማን ተጠሪ ነው፤ ለምንስ ክፍት ሆነ? የታሰበው ደመወዝ በብር ስንት ነው፤ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ? የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር እንዴት ይስተካከላል? ውሉ ለስንት ዓመት ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜውስ? የብሔራዊ ባንክ ይሁንታ የሚጠየቀው መቼ ነው? ያለ ጽሑፍ ፈቃዴ ሲቪዬን ለሌላ እንዳያስተላልፉ አደራ እላለሁ።»

እውነተኛ ውል ያለው መልማይ ለአብዛኛው ወዲያው ይመልሳል፤ የቀረውን ከባንኩ ጠይቆ ይመጣል። ደመወዙን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ቁጥር ባይሰጥ እንኳ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ወሰኑን ይነግራል። ስለ አገር ፍቅር ደጋግሞ ጽፎ ስለ ውሉ ዝም የሚል ከሆነ ቦታው ገና አልተዘጋጀም፤ ወይም ለእሱ አልተሰጠም። ባለሙያዋ ያኔ ሥራዋን ሳትለቅ፣ የዲግሪዋን ማረጋገጫና ቢጫ ካርዷን በራሷ ጊዜ ትጨርስ። የሚቀጥለው መልእክት ሲመጣ ድርድሩን የምትጀምረው ወረቀቷን በእጇ ይዛ ነው።